«አንለስ»ን የሚያስተምረው ማነው?

ባለፈው ክረምት እናቴ ዕቃ ስታስተካክል የሰባተኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሬን ከአንድ ካርቶን ውስጥ አወጣችልኝ። አንዱ ምዕራፍ የሚጀምረው «ኒው ወርድስ» በሚል ርዕስ ነው። ከሥሩ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፉት፣ እኛም ዝም ብለን የገለበጥነው ዝርዝር አለ፦ ፎቶሲንተሲስ፣ ክሎሮፊል፣ ስቶማታ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እያንዳንዱ ቃል ከነትርጉሙ፣ ትርጉሙም በእንግሊዝኛ። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ የታጠፈ የፈተና ወረቀት አገኘሁ። እውነት ወይም ሐሰት ከሚለው ክፍል አንዱ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ግሪን ፕላንትስ ካኖት ሜክ ፉድ አንለስ ዜይ ጌት ላይት።»

እኔ «ሐሰት» ብያለሁ። ቀይ ኤክስ ተደርጎበታል።

ፎቶሲንተሲስን አላውቅም ነበር እንዳትሉኝ። ትርጉሙን በቃሌ ሸምድጄዋለሁ፤ እዚያው ወረቀት ላይ ትርጉሙን ጻፉ የሚለውን ሙሉ አግኝቻለሁ። ከአረፍተ ነገሩ ዘጠኝ ቃላት ውስጥም ስምንቱን ከሰባተኛ ክፍል በፊት አውቃቸው ነበር። የማላውቀው አንዷን፣ «አንለስ»ን ነው። የማያውቁትን ቃል ዘሎ ማንበብ የተለመደ ነውና ዘለልኳት። የቀረው «አረንጓዴ ዕፅዋት ምግብ መሥራት አይችሉም፤ ብርሃን ያገኛሉ» የሚል ሆነ። ይሄ ደግሞ ከተማርነው ጋር አይሄድም። ስለዚህ ሐሰት። አሁን ሳየው ያኔ ያሰብኩት ነገር ልክ ነበር፤ የወደቅሁት ባዮሎጂ ላይ አልነበረም።

ቃሏን በደንብ የተረዳኋት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሩቢ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስሞክር ነው። እዚያ `unless` ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው፤ `if !light` ከማለት `unless light` ይባላል። ሳየው «በቃ ይቺ ነች?» አልኩ። ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይቶ።

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። እስከ ስድስተኛ በአማርኛ፣ ከሰባተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ። ይህ ድንበር ዕድሜ አለው። ከጣልያን ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ እንግሊዝኛ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ትልቅ ቦታ ነበረው። በ1950ዎቹ አማርኛ በመላ አገሪቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታውም ልጅ በአማርኛ ይማር ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ወደ ልጆቹ የየራሳቸው ቋንቋ መለሰው። እንግሊዝኛ ግን የሁለተኛ ደረጃ ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። መሸጋገሪያው የት ይሁን የሚለውን ክልሎች ለየብቻቸው ወሰኑት። ኦሮሚያና ትግራይ እስከ ስምንተኛ ክፍል በራሳቸው ቋንቋ ቀጠሉ፣ አዲስ አበባ ሰባተኛ ላይ ቆረጠች።

አንድ ቋንቋ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሲሆን ቁጭ ብሎ ቃል የሚያወጣለት ሰው ያስፈልጋል። ለአማርኛ ይህን ሥራ ከሠሩት አንዱ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ነው፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላቱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ታትሟል። «ብርሃን አስተጻምሮ» የዚህ ዓይነት ድካም ውጤት ነው። ሒሳብ ላይ ደግሞ «ላዕል» እና «ታህት» አሉን። ሁለቱም ከግዕዝ የመጡ ናቸው፣ የላይና የታች ማለት ነው። ክፍልፋይ የሚማር ልጅ የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ከስሙ ብቻ ያውቃል። «ኑሜሬተር» ለአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ ዓይነት ምልክት አይሰጠውም።

የሚገርመው፣ ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ይህ ሁሉ ሀብት በር ላይ ቀረ። መምህራችን ፎቶሲንተሲስን ሲያስተምሩ «አምና ብርሃን አስተጻምሮ ብላችሁ የተማራችሁት ነው» አላሉም። ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት ይታይ ስለነበር ይመስለኛል። እኔ ሁለቱን ያገናኘሁት ስምንተኛ ክፍል ገብቼ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው። እስከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት መሳቢያ ነበር። በአንዱ የገባኝ ትምህርት በአማርኛ፣ በሌላው ያልገባኝ ትምህርት በእንግሊዝኛ።

ቢሆንም ለፎቶሲንተሲስ ቢያንስ ዝርዝር ተዘጋጅቶለታል። «አንለስ» ግን ባለቤት አልነበራትም። የባዮሎጂ መምህር የባዮሎጂ ቃል አይደለችም ብሎ ያልፋታል። የእንግሊዝኛ መምህሩ የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ ባዮሎጂ በኅዳር የምትፈልጋት ቃል እሱ ጋ በሚያዝያ ልትመጣ ትችላለች። የተርጓሚ ኮሚቴ ደግሞ የሚሰበሰበው ለስሞች እንጂ ለመስተዋድድ አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1976ቱ የሶዌቶ አመፅ በኋላ ጥቁር ተማሪዎች በአፍ መፍቻቸው የሚማሩበት ጊዜ ወደ አራት ዓመት ዝቅ ብሎ፣ በአምስተኛው ዓመት ሁሉም ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። ካሮል ማክዶናልድ የመራችውና እ.ኤ.አ. በ1990 ሪፖርቱ የወጣው የትሬሾልድ ጥናት ይህን መዞሪያ በቃላት ቁጥር ለካው። ልጆቹ እስከዚያ ከእንግሊዝኛ ትምህርታቸው ያገኙት ቢበዛ ወደ 800 ቃል ነው፤ የአምስተኛው ዓመት መጻሕፍት የሚጠይቁት ደግሞ ወደ 5,000። ልዩነቱ 4,200 ነው። የትምህርት ዓመቱን 200 ቀን ብንለው በቀን 21 አዲስ ቃል ማለት ነው፣ ያውም አንድም ሳይረሳ። ኢንጂነር ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቁጥር የያዘ ዕቅድ ቢመጣልኝ መልሼ ነው የምልከው።

እዚያ የተገኘው ትምህርት እኛም ዘንድ ደርሷል። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውንና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ከሠሩት አንዷ ደቡብ አፍሪካዊቷ ካትሊን ሂው ናት። ስምንት ዓመት በራሳቸው ቋንቋ የተማሩት፣ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩት ይልቅ በስምንተኛ ክፍል ሳይንስና ሒሳብ የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ይህ ግን ድንበሩ የት ይሁን ለሚለው ነው የሚመልሰው። ድንበሩ የትም ይሁን፣ በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምን ይጻፍ?

21 ቃል በቀን የማይቻል ከሆነ መምረጥ ግድ ነው። አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አምስት ስድስት ቃል ቢሸከም ነው። መምህሩ ለዛሬ የሚያስተምረውን ገጽ ማታ እንደ ተማሪ ያነበዋል። ከፎቶሲንተሲሱ ገጽ ሁለት የሙያ ቃል ይወስዳል። ቀጥሎ ልጆቹ የሚያውቁት የሚመስላቸውን ቃል ይፈልጋል። እዚህ «ፕሮዳክት» አለ፦ ኦክስጅን የፎቶሲንተሲስ ፕሮዳክት ነው ይላል መጽሐፉ። በዚያው ቀን ሒሳብ ላይ የ6 እና የ4 ፕሮዳክት 24 ነው፣ ማለትም ብዜት። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ፕሮዳክት ማለት ዕቃ ነው። ይህን ቃል ማንም ልጅ ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ስለሚያውቀው። «ቮልዩም»ም እንደዚሁ ነው፤ የሳጥን ቮልዩም ፈልጉ ሲባል የሬዲዮ ድምፅ ትዝ ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ሐሳብ የሚያያይዙትን ይመርጣል፣ እነ «አንለስ»ን።

ክፍል ሲገባ በአማርኛ ይጀምራል። «አምና ብርሃን አስተጻምሮ ምን ነበር ያልነው?» ልጆቹ ይናገራሉ፣ ያውቁታልና። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ይጽፋል። ቀጥሎ «ዕፅዋት ብርሃን ካላገኙስ?» ይላል። «ምግብ መሥራት አይችሉም።» አረፍተ ነገሩን ሰሌዳ ላይ ይጽፍና «ካላገኙ» ውስጥ ያለችውን «ካል» ያሰምርባታል። ቁልፉ እዚህ ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ የሚይዘው በግሱ ራስ ላይ በተለጠፈች ቁራጭ ነው፤ ያውም ሁኔታውን አስቀድሞ። እንግሊዝኛ ለብቻዋ የቆመች ቃል አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይወስዳታል። ለ«አንለስ» አቻ ቃል የሚፈልግ ልጅ ስለማያገኝ ነው የሚዘላት። ከ«ካል» ወደ «አንለስ» አንድ ቀስት ከተሰመረ ግን ነገሩ አለቀ።

ከዚያ ክፍት ቦታ ያለው አረፍተ ነገር ይጽፋል፦ «… ካኖት … አንለስ …»። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መጀመሪያ በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይሞሉታል። መኪና ያለ ነዳጅ፣ ዘር ያለ ውኃ፣ የፈለጉትን። መግባቱን ማወቂያው «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይደለም፤ ለዚያ ጥያቄ መልሳችን ሁልጊዜ በኅብረት «የስ!» ነበር። አረፍተ ነገሩን ገልብጦ በ«አንለስ» ጀምሮ መስጠትና በአማርኛ ንገሩኝ ማለት ነው። የሸመደደ ልጅ እዚያ ይቆማል። ቃሏ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜና በቤት ሥራው ካልተመለሰች ደግሞ በሁለት ሳምንት ትጠፋለች።

ይህ ሁሉ ከ40ው ደቂቃ አሥር አሥራ ሁለቱን ይበላል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል፣ ምዕራፍ ጨርስ እየተባለ፣ ቀላል አይደለም። ራሱ መምህሩም በዚያው በር አልፎ የመጣ ነው፤ «አንለስ»ን ማንም አላስረዳውም ይሆናል።

ስድስተኛ ክፍል አንደኛ የሚወጣ ጓደኛ ነበረኝ፣ በተለይ ሒሳብ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል ወደ ሠላሳ ቤት ወረደ፣ እጁን ማውጣትም አቆመ። አሥረኛ ላይ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ ጋራዥ አለው፤ መኪናዬን ሳስጠግን ስለ ደብተሩ አጫወትኩት። እሱ የሚያስታውሰው ሒሳቡን ነው። አንድ ቁጥር «አት ሊስት 5» ነው ሲባል x ≤ 5 ብሎ ጽፎ እንደነበር ነገረኝ፤ «ሊስት» ትንሽ ማለት መሆኑን ከእንግሊዝኛ ክፍል ያውቃል፣ ስለዚህ ከ5 ያነሰ። ትክክለኛው x ≥ 5 ነው።

«አት ሊስት እኮ ቢያንስ ማለት ነው» አልኩት።

መፍቻውን አስቀምጦ ትንሽ ቆየ። «ቢያንስ…» አለ። «እሱም ውስጥ እኮ ማነስ አለ። ግን ቢያንስ አምስት ሰው ይመጣል ስትለኝ ለአምስት ነው ወንበር የማዘጋጀው፣ ከዚያ በላይም ቢመጡ አይገርመኝም።» ከዚያ የመኪናውን ኮፈን ዘጋና ዘይቱን መቼ እንደቀየርኩ ጠየቀኝ።