ብሪፍ ወይም የንድፍ ቢጋር

ብሪፍ፦ አሠሪው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለዲዛይነሩ የሚጽፈው፣ የሚፈለገውንና የማይታለፈውን ወሰን የሚያሳውቅ አጭር ደብዳቤ ነው። በማስታወቂያና በኅትመት ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቃሉን እንዳለ ይጠሩታል። በአማርኛ «የንድፍ ቢጋር» ቢባል ያስኬዳል፤ መሥሪያ ቤቶች የአንድን ሥራ ዓላማና ወሰን የሚያሰፍሩበትን ሰነድ ቢጋር ይሉታልና።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ አዲስ ዳቦ ቤት ሊከፈት ነው እንበል። ባለቤቷ «ቆንጆ ስምና ሎጎ ይሥሩልኝ» ብላ ብቻ ብትጽፍ ዲዛይነሩ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። ቢጋር የስሙን አቅጣጫ እንዲህ ይጠቁማል፦

«ደንበኞቼ ጠዋት ጠዋት ልጅ ልከው ዳቦ የሚያስገዙ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ስሙ ልጅ አንዴ ሰምቶ የሚይዘው፣ ከሁለት ቃል የማይበልጥ ይሁን። አጻጻፉ አያከራክር። ‹ትኩስ ዳቦ›ን የመሰለ ስም ግን ይቅር።»

አጻጻፍን ማንሳቷ ያለ ምክንያት አይደለም። «ኅብስት» ለዳቦ ቤት ያማረ ስም ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ በ«ኅ»፣ ሌላው በ«ህ» ይጽፈዋል። በስልኩ የሚፈልጋት ሰው በሌላኛው ፊደል ከጻፈ ላያገኛት ይችላል። «ትኩስ ዳቦ» ደግሞ ዕቃውን ከመግለጽ አያልፍም። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚናገር ምልክት ለምዝገባ አይበቃም፤ ጎረቤት ዳቦ ቤትም ያንኑ ቢጽፍ መከልከል ያስቸግራል።

የሎጎው ወሰን የሚነሳው ከሚታተምበት ዕቃ ነው፦ «ቡናማ የወረቀት ከረጢት ላይ በአንድ ቀለም ይታተማል። ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሆንም ይነበብ።» በስክሪን ኅትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ስለሚፈልግ ቀለም በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ቢጫ ቀለም ቡናማ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ወረቀቱ ቀለም ስለሚመጥጥ መስመሮች ይወፍራሉ፤ ያኔ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ከፊደሉ እግር ጋር ትቀላቀላለች። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ቀላል ነው፤ ረቂቁን በዚያው ወረቀት ላይ በ3 ሳንቲ ሜትር አትሞ ስሙን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ማስነበብ ነው። ሰውየው ከተደናቀፈ ፊደሉ መቀየር አለበት።

ቢጋር ግን ንድፉን ራሱን መሥራት የለበትም። «የስንዴ ዛላ በግራ በኩል ይሁን» የሚል ደብዳቤ ዲዛይነሩን የባለቤቷ እጅ ያደርገዋል። በተቃራኒው «ዘመናዊና ማራኪ ይሁን» የሚለው ማንንም አይመራም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጋር ውስጥ ሊገባ የሚገባው ቢያንስ አንድ ረቂቅ ሊጥል የሚችል ከሆነ ነው። «በአንድ ቀለም» ብዙ ረቂቅ ይጥላል፤ «ማራኪ» አንድም አይጥልም።