ሁሉም ሰው «እርስዎ» ሲሆን፦ እንግሊዝኛ አክብሮቱን ወዴት ወሰደው?

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት?» የሚለው እንግሊዝኛ ቃል በቃል ቢፈታ «ሪፖርቱን ልትልክልኝ ትችል ነበር?» እንደማለት ነው። «አይ ወዝ ወንደሪንግ ኢፍ» ደግሞ «…ይሆን እንዴ ብዬ እያሰብኩ ነበር» ነው። ሰውየው ሪፖርቱን የሚፈልገው ዛሬ ነው፤ የሚያስበውም አሁን ነው። ታዲያ ግሱ ለምን ወደ ኃላፊ ጊዜ ሸሸ?

ትምህርት ቤት የተነገረን መልስ «ጨዋነት ነው» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን ጨዋነት ለምን በትናንት ግስ እንደሚነገር አልተነገረንም። ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ አራት መቶ ዓመት መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጊዜ እንግሊዝኛም እንደኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ነበረው። «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዩ» ለብዙ ሰዎች ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን በፈረንሳይኛ ተጽዕኖ፣ አንድ ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር «ዩ» ብሎ ማክበር እየተለመደ መጣ። «ዛው» ለልጅ፣ ለአገልጋይ፣ ለቅርብ ወዳጅ እና ለጸሎት ቀረ። ሲፈለግም ለስድብ ይውላል። በ1603 ሰር ዎልተር ሮሊ በአገር ክህደት ተከሶ በዊንቸስተር ሲቆም፣ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ባላባቱን ሰውዬ ሆነ ብሎ «ዛው» እያለ፣ «አንተ» እንደሚለውም በግልጽ እየነገረው አዋረደው። ችሎት ላይ አንድ ሽማግሌን «አንተ» ብሎ መጥራት ምን እንደሚመስል ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ አንድ ወገን አጋደለ። ከተማው እያደገ፣ ነጋዴው እየከበረ ሲሄድ ፊት ለፊትህ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። ሰው በስህተት ከሚያዋርድ በስህተት ቢያከብር ይመርጣል። ስለዚህ ሁሉም ለሁሉም «ዩ» ማለት ጀመረ። ይህን የተቃወሙት ኩዌከር የሚባሉት የክርስትና ወገኖች ነበሩ። በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ አንድን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ውሸትም ውዳሴ ከንቱም ነው ብለው፣ ባለሥልጣኑንም ዳኛውንም «ዛው» አሉት። ይህ ድፍረት ዱላና እንግልት አስከትሎባቸዋል። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በ1660 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዓላማው ለአንድ ሰው የነጠላ፣ ለብዙ ሰው የብዙ ቁጥር እንደሚገባ ከብዙ ቋንቋዎች ምሳሌ እያመጡ ማስረዳት ነበር። በመጽሐፉ ርዕስ ገጽ ላይ ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ የኢትዮጵያ ቋንቋ ነው። ያን ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት በዚህ ስም የሚጠሩት ግዕዝን ነበር። ለአንዱ «አንተ»፣ ለብዙዎቹ «አንትሙ» የሚለው ግዕዝ በለንደን የክርክር ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

ምስክሩ አልረዳቸውም። «ዛው» ከዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ጠፋ፤ የቀረው በጸሎት፣ በግጥም እና በአንዳንድ የገጠር አነጋገር ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ «አንተ» ብቻ ያለው፣ አክብሮት የማያውቅ ቋንቋ ይመስለናል። እውነቱ የተገላቢጦሹ ነው፤ የጠፋው «አንተ» ሲሆን የቀረው «እርስዎ» ነው። ግን ሁሉም ሰው «እርስዎ» ከሆነ፣ «እርስዎ» መባል ክብር መሆኑ ያበቃል። ሁሉም የሚያገኘው ሹመት ሹመት አይደለም።

አክብሮት ግን ከሰው ግንኙነት አይጠፋም፤ ከተውላጠ ስሙ ሲወጣ ሌላ ማደሪያ ፈለገ። በሼክስፒር ዘመን ሰው ሲለምን «እለምንሃለሁ»፣ «እማጸንሃለሁ» ብሎ ትእዛዙን በቀጥታ ያስከትል ነበር። እየቆየ ይህ ልመና ቀረ። በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው ሌላ መንገድ ነው፦ ሰውየው ነገሩን ማድረግ ይችል እንደሆነ፣ ፈቃዱ እንደሆነ መጠየቅ። «ካን ዩ» እና «ዊል ዩ» ከዚህ መጡ። ከዚያም ግሱን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መጎተት፤ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ዊል» ወደ «ዉድ»። ቋንቋው ኃላፊ ጊዜን ከጊዜ መለኪያነት ወደ ርቀት መለኪያነት አዞረው። የራቀ ነገር አይጫንም፤ ሰሚው እንቢ ቢል እንኳ እንቢ ያለው ዛሬ ፊቱ የቆመውን ሰው ሳይሆን ቀደም ሲል የነበረን አንድ ሐሳብ ይመስላል።

ይህ ዘዴ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሱቅ ገብተን «አንድ ነገር ፈልጌ ነበር» እንላለን፤ የምንፈልገው ግን አሁን ነው። ሽማግሌ ፊት ቀርበን «አንድ ጉዳይ ላማክርዎት አስቤ ነበር» እንላለን፤ ሐሳባችን ገና አልተለወጠም። ያ «ነበር» እና «ወዝ ወንደሪንግ» የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ እኛ «ነበር»ን የምንጠቀመው በተጨማሪነት መሆኑ ነው፤ ዋናው አክብሮታችን ያለው በ«እርስዎ» ላይ ነው። «ይቀመጡ»፣ «ይላኩልኝ» ትእዛዝ ናቸው፤ ግን «እርስዎ» በውስጣቸው ስላለ አያሻክሩም። ይህን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ክብሩ ድንበር ላይ ይቀራል፤ የሚሻገረው ትእዛዙ ብቻ ነው። «ፕሊስ ሴንድ ሚ ዘ ሪፖርት» ስንል በልባችን «ይላኩልኝ» ነው፤ ሰሚው ጋ ሲደርስ ግን «ላክ እባክህ» ነው። «ፕሊስ» ትእዛዝን ጨዋ ትእዛዝ ያደርገዋል እንጂ ጥያቄ አያደርገውም። በአሜሪካም በአውሮፓም የእኛ ሰው በሥራ ቦታ «ደረቅ ነው» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሰውየው አልደረቀም፤ ክብሩን ያስቀመጠበት ቦታ በዚያኛው ቋንቋ ባዶ ሆኖ ነው።

ሌላው ችግር ከሰሚነት በኩል የሚመጣ ነው። አንድ አለቃ ሰኞ ጠዋት እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንበል፦ «እስከ ሐሙስ ቁጥሮቹን ልታያቸው ትችል ይሆን እንዴ ብዬ እያሰብኩ ነበር።» እንግሊዝኛው ሦስት ሽፋን አለው። «ወዝ» ነገሩን ወደ ትናንት ይወስደዋል። «ወንደሪንግ ኢፍ» ጥያቄውን ሐሳብ ያስመስለዋል። «ኩድ» ደግሞ ነገሩን በሠራተኛው ችሎታ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሦስቱን ገልጠን ስናይ ከሥር የሚቀረው «ቁጥሮቹ፣ እስከ ሐሙስ» ነው። ያልለሰለሰው ክፍል የቱ እንደሆነ ልብ በሉ፦ ቀኑ። ጠያቂው አለቃ ከሆነ፣ ቀን ከተቆረጠ፣ ሌላ አማራጭም ካልቀረበ ይህ ትእዛዝ ነው። «እያሰበ ከሆነ አስቦ ይጨርስ» ብሎ የተወው ሠራተኛ ዓርብ ዕለት ወቀሳ ይጠብቀዋል።

ሐሙስ የማይሆን ከሆነስ? ዝም ማለትም «አልችልም» ብሎ መቁረጥም አያዋጣም። በዚያው ሥርዓት መመለስ ይቻላል፦ «ሐሙስ ሊጠበኝ ይችላል፤ ዓርብ ጠዋት ቢሆን ይሆን ነበር?» በእንግሊዝኛው «ዉድ ፍራይዴይ ሞርኒንግ ወርክ?» ነው። ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ አለ፤ ግን የመጨረሻውን ቃል ለአለቃው ትቷል። አለቃው ራሱ ሲቃወምም በዚሁ ቋንቋ ነው። «አይ አም ኖት ሹር አይ ዉድ ዱ ኢት ዛት ዌይ» ካለ፣ ትርጉሙ «እኔ ብሆን እንደዚያ ስለማድረጌ እርግጠኛ አይደለሁም» ነው፤ መልእክቱ ግን «እንደዚያ አታድርግ» ነው። ስለራሱ እያወራ የመሰለው ሰው ስለ እናንተ ሥራ እየተናገረ ነው።

እስካሁን ያልኩት ማለስለስን እንድንማር ይገፋፋል። ግን ለስላሳ ቃል ሁሉ ለሰሚው መውጫ በር ይከፍታል፤ ሰሚው በዚያ በር እንዳይወጣ የግድ የሚሆንበት ሰዓትም አለ። ይህን ከሚያሳዩት አሳዛኝ ታሪኮች አንዱ ጥር 1990 ኒውዮርክ ላይ ሆነ። ንብረትነቱ የኮሎምቢያው አቪያንካ የሆነ በረራ ቁጥር 52፣ ቦይንግ 707፣ በመጥፎ አየር ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ከመቆጣጠሪያው ጋር በእንግሊዝኛ የሚነጋገረው ረዳት አብራሪ ቅድሚያ «የሚያስፈልገን ይመስለኛል» አለ። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሲከሽፍ ዋና አብራሪው ድንገተኛ አደጋ ላይ መሆናቸውን እንዲናገር አዘዘው። እርሱ ግን እንደገና እንደሚሞክሩ ገልጾ፣ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ከመጨረሻው ላይ ጨመረበት፤ «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ከመቆጣጠሪያው ጥቂት ራቅ ተደርገው ሊመለሱ እንደሆነ ተነግሯቸው ለነዳጃቸው ይስማማቸው እንደሆነ ተጠየቁ። መልሱ «አይ ጌስ ሶ» ነበር፤ ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አራቱም ሞተሮች ጠፉ። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ምርመራ ከነዳጅ አያያዝና ከአየር ትራፊክ አመራር ጉድለቶች ጋር፣ ሠራተኞቹ የአደጋ ጊዜውን ቃል አለመጠቀማቸውን በዋና ምክንያትነት አስቀመጠ። ያ ቃል ሁሉንም ወደ ጎን አስብሎ ማኮብኮቢያውን ያስለቅቅ ነበር። ዛሬ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለዚህ ሁኔታ የተወሰነ ቃል አለው፦ ነዳጁ ከመጨረሻው መጠባበቂያ በታች ሆኖ እንደሚያርፍ ያወቀ አብራሪ «ሜይዴይ ሜይዴይ ሜይዴይ ፊውል» ብሎ ማወጅ አለበት። በዚህ ውስጥ «ኩድ» የለም፣ «ወንደሪንግ» የለም፣ «ይመስለኛል» የለም።

ከዚህ ሁሉ በእጅ የሚያዝ አንድ መመዘኛ ይወጣል። ከመናገራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰሚው «አይ፣ አይመቸኝም» ቢል ምን ይጎድላል? የሚጎድለው የእናንተ ምቾት ወይም አንድ ቀን ከሆነ በሩን ክፈቱለት፤ «ኩድ ዩ» በሉ፣ ጉዳዩ ከበድ ሲል «አይ ወዝ ወንደሪንግ ኢፍ» በሉ። ሐኪም ፊት ሆናችሁ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ማሽኑ ሰው ሊቆርጥ ከሆነ፣ ወይም ደመወዛችሁ ለሦስተኛ ወር ከቀረ ግን በሩን ዝጉት። ነገሩን በአሁን ጊዜ፣ በአጭሩ፣ በስሙ ጥሩት።