የአዲስ አበባን ኪራይ ቤት ከአሜሪካ በወኪል ማስተዳደር

በአሜሪካ የሚኖር ባለንብረት አዲስ አበባ ያለውን መኖሪያ ቤት በሌላ ሰው እጅ የሚያከራይበት አሠራር ነው። ወኪሉ ብዙውን ጊዜ ወንድም፣ እህት ወይም የቅርብ ዘመድ ነው። ሥራውን የሚገዙት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እና የሁለቱ አገሮች የገቢ ግብር ሕጎች ናቸው።

መነሻው የውክልና ሰነዱ ነው። ባለንብረቱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ይፈርማል። ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በሚባለው መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለጠቅላላ ወኪል የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው። ቤቱን መጠበቅና ማደስ፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜም ማከራየት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ዓላማው ኪራይ ብቻ ከሆነ «መሸጥ መለወጥ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ሰነዱ ውስጥ ማስገባት ያለ ጥቅም አደጋ መጋበዝ ነው። ሕጉ ወኪሉ ስለተቀበለው ገንዘብ ሒሳብ እንዲያቀርብም ያስገድዳል። ዝምድና ይህን ግዴታ አያስቀርም፤ ደመወዝ ግን በውል ካልተነገረ ወይም ሰውየው ሥራውን በሙያው ካልሠራው አይጠየቅም።

አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥም እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይቻልም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል። የሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ጊዜ ጠቅላላ ወኪል ሊፈርመው በሚችለው የሦስት ዓመት ጣሪያ ሥር ስለሚውል፣ መደበኛውን ውል ለመፈረም ተጨማሪ ሥልጣን አያስፈልግም። የአምስት ዓመት ውል ግን ያለ ልዩ ውክልና አይፈረምም።

በተግባር ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ገንዘቡ በሚገባበት ሒሳብ ላይ ነው። ኪራዩ በወኪሉ የግል ሒሳብ ሲገባ ከደመወዙና ከቤተሰቡ ወጪ ጋር ይደባለቃል፤ ከዓመት በኋላ ስንት እንደተሰበሰበ ማሳየትም ይቸግራል። በባለንብረቱ ስም የተከፈተ፣ ከኪራይ በቀር ሌላ የማይገባበት ሒሳብ ለወኪሉም ጭምር መከላከያ ነው። የተመዘገበው ውል፣ የባንኩ መግለጫና ለግብር የተነገረው መጠን ካልተገጣጠሙ አንድ ነገር ተጓድሏል ማለት ነው። ወኪሉ ገቢውን አሳንሶ ቢያስታውቅም ግብር ከፋዩ ባለንብረቱ ነው፤ ዕዳው የሚፈለገው በእሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው።

የኢትዮጵያ የግብር ዘመን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በ2016 የግብር ዘመን ቤቱን በወር 30,000 ብር ያከራየ ሰው ዓመታዊ ገቢው 360,000 ብር ነበር። የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ግለሰብ አዋጅ 979/2008 ለጥገናና ለእርጅና ግማሹን ይቀንስለታል፤ 180,000 ይቀራል። በጊዜው ምጣኔ ግብሩ 45,000 ብር ይሆናል። በ2017 አዋጁ ሲሻሻል የምጣኔ እርከኖቹ ተለውጠዋል።

የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግብር ነዋሪ ይህንኑ ኪራይ ገንዘቡን ወደ አሜሪካ ባያመጣውም እዚያ ያስታውቃል፤ የሚሞላው በቅጽ 1040 ስኬጁል ኢ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት የለም። በኢትዮጵያ የተከፈለው ግብር ግን በቅጽ 1116 ተመዝግቦ፣ በሕጉ ጣሪያ መሠረት ከአሜሪካው ግብር ሊቀነስ ይችላል፤ ለዚህም የክፍያው ደረሰኝ መቀመጥ አለበት። የኢትዮጵያው የግማሽ ቅናሽ እዚያ አይሠራም። የሚቀነሱት እውነተኛዎቹ የጥገናና የወኪል ወጪዎች፣ እንዲሁም የቤቱ እርጅና ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 2017 በኋላ መከራየት የጀመረ መኖሪያ ቤት የመሬቱ ዋጋ ሳይጨመር በ30 ዓመት ይከፋፈላል።

የአሜሪካው ዓመት ከጥር እስከ ታኅሣሥ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ የኢትዮጵያን የግብር ማስታወቂያ እንዳለ መገልበጥ ስህተት ነው፤ ከባንክ መግለጫው የየወሩን ገቢ መልቀም ያስፈልጋል። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በፍጥነት ስለወረደ፣ የምንዛሪው ቀንም ውጤቱን በእጅጉ ይለውጣል። በውጭ ያሉ ሒሳቦች ድምር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለው ማስታወቂያ ለብቻው ይቀርባል። ወኪሉ በራሱ ስም ለባለንብረቱ የያዘው ሒሳብም በድምሩ ይገባል።

ባለንብረቱ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር ይችላል። ሆኖም ዋናውን ሰነድ ካልተቀበለና መሻሩን ለተከራዩ ካላስታወቀ፣ የቀድሞው ወኪል ከዚያ በኋላ በስሙ በሚፈጽመው ሥራ አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ባለንብረቱ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ወራሾቹ ናቸው።