ማስተቸት

በጋዜጣ ዓምድ «ትችት» ነቀፋ ይመስላል፤ በገጠር መሬት ምዝገባ ግን «ሕዝብ ማስተቸት» ማለት የተለካውን ማሳ ካርታና የባለይዞታዎችን ስም ቀበሌ ላይ ለጥፎ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ከመሰጠቱ በፊት ባለይዞታዎቹ እንዲያርሙት ማቅረብ ነው። በሞርሲቶ ዙሪያ ያለ ገበሬ ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ቢያገኘው ይታረምለታል። ጎረቤቱ «ይህ የእንሰት ጓሮ የእኔ ነው» ካለ ግን ማሳው ክርክር ያለበት ተብሎ ይያዛል፤ የሌሎቹ ምዝገባ ይቀጥላል። ያልተከፋፈለ ውርስና ከወል መሬት ጋር የተደራረበ ድንበርም እንዲሁ ማሳው እንዲያዝ ያደርጋሉ።

መጉላላት ነው የሚል አይጠፋም፤ ያለ አግባብም አይደለም። ነገር ግን መዝጋቢ ዳኛ አይደለም፤ ለአንዱ ደብተር ከሰጠ ክርክሩን በማኅተም ፈረደ ማለት ነው። አዋጅ 456/1997ም የይዞታ ክርክር መጀመሪያ በውይይትና በስምምነት፣ ካልሆነም በሽምግልና እንዲታይ ደንግጎ ነበር። ደግሞስ ማሳው ተያዘ ማለት ከእጅ ወጣ ማለት አይደለም፤ የዘገየው ወረቀቱ ነው። የሚያሰጋው ሳይጠይቁ መቅረት ነው። የተያዙትን ዝርዝር ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ካልተገኘም ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው፤ ስም ስለሚመሳሰል የማሳውን መለያ ቁጥር ይዞ።