የኢሞቢላይዘር መብራት

የኢሞቢላይዘር መብራት በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ የቁልፍ ቅርጽ ያለው ምልክት ነው። ኢሞቢላይዘር መኪናው በማያውቀው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል የፀረ ስርቆት ሥርዓት ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ እያዞረ ሞተሩ ካልተነሳና ይህ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ መመሪያ መሠረት፣ ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል።

አሠራር

በቁልፉ የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ቺፕ አለ። ቺፑ የራሱ ባትሪ የለውም። ቁልፉ ወደ ማብሪያው ሲዞር፣ በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ ብዙውን ጊዜ 125 ኪሎ ኸርዝ የሆነ መግነጢሳዊ ሞገድ ይፈጥራል። ቺፑ ከዚህ ሞገድ ኃይል አግኝቶ የራሱን ኮድ ይመልሳል። ኮዱ ከተመዘገበው ጋር ከተስማማ የሞተሩ ኮምፒውተር ሥራውን እንዲጀምር ይፈቀድለታል።

በርቀት በር የሚከፍተው የቁልፉ ቁልፍ ግን የተለየ ክፍል ነው፤ የሚሠራውም በትንሽ ባትሪ ነው። ስለዚህ ባትሪው ቢያልቅም በማስገቢያ በሚዞር ቁልፍ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። በሩ በርቀት መከፈቱም ቺፑ ደህና ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ የማይነሳበት ምክንያት በየሥሪቱ ይለያያል። ለምሳሌ በብዙ የሆንዳ መኪኖች ላይ ሥርዓቱ የሚያቋርጠው ነዳጁን ነው፤ ሞተሪኖው ግን እንደተለመደው ይሠራል። በዚህ ምክንያት ችግሩ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የካንዴላ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሌሎች መኪኖች ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ወይም ሞተሪኖው ጨርሶ አይዞርም።

ምልክቱ መቼ ብልጭ ይላል?

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሪኖውን ሳያስነሱ ቁልፉን ወደ ማብሪያው በማዞር ነው። በሆንዳ ላይ ቁልፉ ከታወቀ፣ አረንጓዴው ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል። ካልታወቀ ወዲያውኑ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ምልክቱ በመጀመሪያ በትክክል ጠፍቶ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ብልጭ የሚል ከሆነና ሞተሪኖውም እየደከመ ከዞረ፣ የመኪናው ባትሪ መጠርጠር አለበት። በማስነሳት ጊዜ የ12 ቮልቱ ባትሪ ኃይል ወደ 9 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ መቆጣጠሪያዎቹ ሥራቸውን አቋርጠው እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ። ምልክቱ ጨርሶ ብልጭ ሳይል ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። መኪናው ጠፍቶ ቆሞ ሳለ መብራቱ ብልጭ ማለቱ በአንዳንድ ሥሪቶች፣ ለምሳሌ በቶዮታ፣ የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ቁልፉ ከሌሎች ቁልፎችና ከብረት ማንጠልጠያው ተነጥሎ ይሞከራል። በአንድ ቀለበት ላይ ያለ ሌላ ባለ ቺፕ ቁልፍ ንባቡን ሊያውክ ይችላል። ከዚያ በመለዋወጫ ቁልፍ ይሞከራል። ሞተሩ በመለዋወጫው ከተነሳ ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ነው። ሁለቱም ካልታወቁ ግን በማስገቢያው ዙሪያ ያለው ሽቦ፣ ፊውዙና ግንኙነቶቹ ይመረመራሉ።

ምሳሌ፦ የተቀየረ እጀታ

የተሰበረ የቁልፍ እጀታ ሲቀየር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስህተት አለ። ቁልፍ ቀራጩ የብረቱን ምላስና የርቀት መክፈቻውን ሰሌዳ ወደ አዲሱ እጀታ ያዛውራል። ቺፑ ግን በአንዳንድ ቁልፎች ላይ ከሰሌዳው ተለይቶ በእጀታው ውስጥ የተቀመጠ፣ ከሩዝ ፍሬ ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ቁራጭ ነው፤ በመሆኑም አሮጌው እጀታ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አዲሱ ቁልፍ በሩን በርቀት ይከፍታል፣ በማስገቢያው ውስጥም ይዞራል፣ ሞተሪኖውንም ያሠራል፤ ምልክቱ ግን ብልጭ ይላል፣ ሞተሩም አይነሳም።

ይህን ለማረጋገጥ አሮጌው እጀታ ከማስገቢያው ጋር ተጠግቶ ተይዞ በአዲሱ ቁልፍ ይሞከራል። ሞተሩ ከተነሳ ቺፑ ያለው አሮጌው እጀታ ውስጥ ነው። መፍትሔውም ቺፑን አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ብቻ ነው፤ አዲስ ምዝገባ አያስፈልግም። አሮጌው እጀታ ከተጣለ ግን ሌላ ቺፕ ተገዝቶ መመዝገብ አለበት።

ምዝገባ

የብረቱን ቅርጽ መቅረጽ ብቻውን ሞተሩን አያስነሳም። አዲስ ቺፕ በመኪናው ሥርዓት ውስጥ በምርመራ መሣሪያ ይመዘገባል። በብዙ ሥሪቶች ምዝገባው በቦታው ያልቀረቡ የቀድሞ ቁልፎችን ሊሰርዝ ስለሚችል፣ ያሉት ቁልፎች ሁሉ አብረው መወሰድ አለባቸው። የሚሠራ ቁልፍ አንድም ካልቀረ ሥራው ይከብዳል፣ ወጪውም ይጨምራል። አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ የተገዛ ያገለገለ መኪና ሁለተኛ ቁልፍ እንዲመዘገብለት የሚመከረው፣ የመጀመሪያው ከመጥፋቱ በፊት ነው።