ስለ ይርጋና ይርጋ ስለማያግደው ወንጀል

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ገድሎ የተሰወረ አንድ ሰው፥ ሳይከሰስ ብዙ ዘመን ኖሮ ወደ ቀየው ቢመለስ፥ የሟች ወገኖች ይዘው ወደ ዳኛ ሊያቀርቡት ይችላሉን? በአገራችን የወንጀል ሕግ ሞት ወይም ዕድሜ ልክ እሥራት የሚያስፈርድ ወንጀል እንኳ 25 ዓመት ሲሞላው፥ ሕግ የተለየ ነገር ካልደነገገ በቀር፥ ክሱ ይታገዳል። ይህንንም የጊዜ ወሰን ይርጋ እንለዋለን። ቃሉ የወጣው «ረጋ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የተናወጠው ነገር ይርጋ፥ ይቀመጥ ማለት ነው።

ሕግ እንዲህ ያደረገው ለገዳይ አዝኖ አይደለም። ዘመን በረዘመ ቍጥር ምስክር ይሞታል፥ ያልሞተውም ያየውንና የሰማውን ይቀላቅላል። በሐሰት የተከሰሰም ሰው «በዚያ ቀን ሌላ አገር ነበርሁ» ቢል የሚመሰክርለት አያገኝም። ደግሞም 25 ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ዐቃቤ ሕግ፥ ዝምታው በራሱ ላይ ይቈጠርበታል።

ነገር ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በ28ኛው አንቀጽ የዘር ማጥፋትን፥ ያለ ፍርድ መግደልን፥ ሰውን አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ የድብደባ ድርጊትን ከይርጋ አውጥቷቸዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ ወደ ተከራከሩበት አገር፥ ወደ ምዕራብ ጀርመን እንሻገር። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1871 በወጣው የጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ዕድሜ ልክ የሚያሳስር ወንጀል በ20 ዓመት፥ ከዚያ ዝቅ ያለው ከባድ ወንጀል ደግሞ በ15 ዓመት ይርጋ ይታገድ ነበር። ነፍስ ግድያም በሁለት ይከፈላል። በክፉ ምክንያት፥ በጭካኔ ወይም በተንኰል የተፈጸመው ከባዱ ግድያ በ20 ዓመት፥ ተራው ግድያ በ15 ዓመት ይታገድ ነበር። እንግዲህ በ1942 አይሁዶችን በጥይት የፈጀ መኰንን ቢኖር፥ ዘመኑ በቀጥታ ቢቈጠር በ1962 ነፃ ሊወጣ ነው። ዳኞች ግን፥ ሂትለር በሚገዛበት ጊዜ ገዳዩን ያዘዘው መንግሥት ስለ ነበረ ይህን ግድያ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ አልነበረም፤ ሊከስ የማይችል ሰው ዘገየ አይባልም ብለው፥ ቈጠራውን ጀርመን እጅዋን ከሰጠችበት ከግንቦት ወር 8 ቀን 1945 አስጀመሩት። የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ይርጋ መንግሥት ወንጀለኛውን እየፈለገው ነው ከሚል ግምት የተነሣ ነውና፥ ፈላጊውና ገዳዩ አንድ ሲሆኑ ግምቱ ይወድቃል።

ቈጠራው እንዲህ ቢዘገይም ቀኑ መድረሱ አልቀረም። በግንቦት 1960 የተራ ግድያ ይርጋ ሞላ። የተቃዋሚው የሶሻል ዴሞክራቶች ወገን ቈጠራው ከመስከረም 1949 እንዲጀምር ለምክር ቤቱ ቢያሳስብም አሳቡ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሊከሰስ የሚችለው ከባዱ ግድያ ብቻ ሆነ፤ የርሱም ቀን ግንቦት 8 ቀን 1965 ነበረ።

የዐቃብያነ ሕጉን ጭንቀት ለመረዳት አንድ የሥራ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ይርጋ የሚቋረጠው ዳኛ በተጠርጣሪው ላይ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ ነበረ፤ የዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ ብቻውን አያቋርጠውም ነበር። ለዳኛው ትእዛዝ ደግሞ ስም ያስፈልጋል። የናዚዎችን ወንጀል የሚመረምረው ማእከላዊ ቢሮ በሉድቪግስቡርግ ከተማ የተከፈተው በ1958 መጨረሻ ሲሆን፥ ብዙው ሰነድ በውጭ አገር መዛግብት ውስጥ ነበረ። ስሙ ያልታወቀ ገዳይ ቀኑ ካለፈ ይድናል ማለት ነው።

በመጋቢት 1965 ምክር ቤቱ ተከራከረ። የአርባ ዓመቱ ወጣት እንደራሴ ኤርንስት ቤንዳ ጊዜው እንዲራዘም ሲሟገት፥ የፍርድ ሚኒስትሩ ኤቫልድ ቡኸር ሕግን ወደ ኋላ መለወጥ አይገባም ብለው ተቃወሙ፤ በተረቱም ጊዜ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ክብር ያለው ተቃውሞ ነው እላለሁ። የተሰጣቸው መልስ ግን የበረታ ነበረ፦ ወደ ኋላ ሊደረግ የማይገባው ትናንት ወንጀል ያልነበረውን ዛሬ ወንጀል ማድረግ ነው፤ ግድያ ግን ያን ጊዜም ወንጀል ነበረ፥ ይርጋውም ለገዳይ የተሰጠ ቃል ኪዳን አይደለም። የሕገ መንግሥቱም ፍርድ ቤት በ1969 ያልሞላን ይርጋ ማራዘም የተፈቀደ ነው ሲል ወሰነ። ያልሞላን መባሉን ልብ በል።

የ1965ቱ ሕግ ይርጋውን አላጠፋውም፤ ሒሳቡን ብቻ ለወጠ። ከ1945 እስከ 1949 መጨረሻ ያለው ጊዜ እንዳይቈጠር ስላዘዘ፥ ቀኑ ወደ 1969 መጨረሻ ተዛወረ። በ1969 ደግሞ 20 ዓመቱ 30 ስለ ተደረገ ቀኑ 1979 መጨረሻ ሆነ። በዚያው ጊዜ የዘር ማጥፋት ወንጀል ይርጋ ፈጽሞ ተሰረዘ፤ ሆኖም የዘር ማጥፋት በጀርመን ሕግ የተጻፈው በ1954 ስለ ሆነ፥ በሂትለር ዘመን ለተሠራው ሊጠቀስ አልቻለም። የነዚያ ገዳዮች ነገር እንደ ገና በግድያው አንቀጽ ላይ ተንጠለጠለ።

ሁሉም የፊቱን በር ሲጠብቅ ግን የጓሮው በር ተከፈተ። በግንቦት 1968 እንደ መኪና መንዳት ጥፋት ያሉትን ቀላል መተላለፎች የሚመለከት አንድ ማሟያ ሕግ ያለ ክርክር አለፈ። በውስጡም የዋናው አድራጊ ክፉ አሳብ በራሱ ላይ የሌለበት አባሪ ቅጣቱ ይቀነስለታል የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ሲያዩት የዋህ ነው፤ ውጤቱን ግን ተከተል። በበርሊን ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የባቡሮቹን ትእዛዝ የፈረመ ሹም በሕግ አባሪ እንጂ ዋና ገዳይ አይባልም። እርሱ ራሱ አይሁድን ይጠላ እንደ ነበረ ካልተረጋገጠበት ቅጣቱ ቢበዛ 15 ዓመት ሆነ፤ 15 ዓመት የሚያስቀጣው ወንጀል ይርጋ ደግሞ ያን ጊዜ 15 ዓመት ነበረ፤ ያም ከግንቦት 1945 ሲቈጠር በ1960 ሞልቶ አልፏል። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 1969 ይህንኑ ሲያጸና፥ በበርሊን በሂትለር የጸጥታ ዋና መሥሪያ ቤት ሹማምንት ላይ ለዓመታት የተደከመበት ምርመራ ፈረሰ። የሞላ ይርጋ አይመለስምና ማንም ሊያርመው አልቻለም። የወንጀል ሕግ ማሻሻያውን ይመራ የነበረው ኤድዋርት ድሬኸር በናዚ ዘመን የልዩ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ነበረ፤ ነገሩን ዐውቆ አድርጎት እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፍት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ሐምሌ 3 ቀን 1979 ምክር ቤቱ በ255 ድምፅ በ222 ላይ የከባድ ግድያን ይርጋ ለዘለዓለም ሰረዘ። ከተቃወሙት ብዙዎቹ የገዳዮች ወዳጆች አልነበሩም፤ ባረጁ ምስክሮች የሚታይ ክስ በነፃ መልቀቅን ያበዛል ብለው ፈሩ እንጂ። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ይርጋ ሲሰረዝ የምስክር ዕድሜ አብሮ አይራዘምም።

በታኅሣሥ 2022 በሰሜን ጀርመን በምትገኘው በኢትሰሆ ከተማ አንዲት የ97 ዓመት አሮጊት ለፍርድ ቆሙ። በልጅነታቸው በሽቱትሆፍ የእሥር ሰፈር የአዛዡ ጸሐፊ ነበሩ። ወንጀሉ ሲሠራ ገና 18 እና 19 ዓመታቸው ስለ ነበረ ጉዳዩን ያየው የወጣቶች ችሎት ነው። ከአሥር ሺህ በላይ በሆነ ግድያ አባሪ ነበሩ ተብለው፥ የማይፈጸም የሁለት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ በነሐሴ 2024ም ፍርዱ በይግባኝ ጸና። እኒህ ሴት የአዛዡን ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና የሚጽፉ ነበሩ። በበርሊን ሆነው ሲያዝዙ ከነበሩት ሹማምንት ብዙዎቹ ግን ከ1969 ጀምሮ ጡረታቸውን እየተቀበሉ፥ ማንም ሳይጠይቃቸው በቤታቸው ሞተዋል።