የአክሱም ጥያቄ እና የቀነስኩት ማርክ

ለድሮ ተማሪዎቼ እዳ አለብኝ። «አክሱም ለምን ተዳከመች?» ብዬ ፈተና ላይ አውጥቼ፣ «የቀይ ባሕር ንግድ ስለተቋረጠ» ካላላችሁ ማርክ እቀንስ ነበር። አንዱ «መሬቱ ስለደከመ» ብሎ ጽፎ ኤክስ አድርጌበታለሁ።

ካርል ቡትዘር ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ ከአቅሙ በላይ ታረሰ፣ ዝናቡም ተዛባ፣ አፈሩም ታጠበ ይላል። ልጁ ልክ ነበር ልል ስል የነቻርልስ ፍሬንችን የ2009 ጥናት አገኘሁ። እነሱ ደግሞ በአክሱም ዙሪያ ባሉ ሸለቆዎች ያዩት በዚያ ዘመን ብዙም ያልተጎዳ፣ የተረጋጋ መሬት ነው።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ምናልባት ማንም። ከተማው ጥግ ያለው ተዳፋት ታጥቦ ራቅ ያለው ማሳ ደህና ሊሆን ይችላል። ሳንቲሙስ? በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ መታተሙ ቆሟል፤ ግን ንግድ ቢቋረጥም፣ እህል ቢጠፋም ሳንቲም ይቆማል።

እኔ የምጠብቀው ደለሉ የወረደበትን ጊዜ ነው። ከተማዋ ሳትዳከም ከወረደ መሬቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሰው ከለቀቀ በኋላ፣ ማሳውን የሚንከባከብ ሲጠፋ ከሆነ ግን ውጤት ነው።

ኤክስ ያደረግኩብህ ልጅ፣ እዚህ ካለህ ሁለቷን ማርክ ውሰድ። «ንግድ» ያላችሁትም አይቀነስባችሁም።